«ሰይድ ስል ፋይድ ብለው ይጽፋሉ»

«የደሴ ልጅ ነኝ፤ እንግሊዝ አገር መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። ፊት ለፊት ከሰው ጋር እግባባለሁ። ስልክ ላይ ግን ሰይድ ስል ፋይድ ብለው ይጽፋሉ። ባንኩ ማንነትህን ማረጋገጥ አልቻልንም ብሎ ዘጋብኝ፤ ክሊኒኩም ለ13 ያልኩትን ቀጠሮ ለ30 ያዘው። በዚህ አነጋገር የቢሮ ሥራ እንዴት እጠይቃለሁ? የአነጋገር ማስተካከያ ኮርስ ልግባ?»

ወንድሜ ሰይድ፣ አብሽር። ለኮርሱ አሁን ገንዘብ አታውጣ። የነገርከኝ ችግር ስምና ቁጥር ላይ ነው፤ ሌላውን ቃል ሰሚው ከወሬው አያይዞ ይደርስበታል፣ ስምና ቁጥርን ግን የሚገምትበት ነገር የለውም።

የስሙ ጥፋት የአንተ ብቻ አይደለም። የተለመደው የስልክ መስመር ከ3400 ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ ይቆርጠዋል፤ «ስ»ን ከ«ፍ» የሚለየው ፉጨት ደግሞ በአብዛኛው ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ ብትጮህም ለውጥ አታመጣም። አብራሪዎች በሚጠቀሙባቸው ቃላት ፊደል በፊደል ንገራቸው፦ «ኤስ ፎር ሲየራ፣ ኢ ፎር ኤኮ፣ አይ ፎር ኢንዲያ፣ ዲ ፎር ዴልታ»። ስምህ ባንኩ ዘንድ የተጻፈበትን ፊደል አስቀድመህ ከካርድህ ላይ እይ፤ ሰይድን በላቲን የሚጽፈው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፣ አንድ ፊደል ከተለየ ማረጋገጫውን አታልፍም። ካልሆነም ፓስፖርትህን ይዘህ ቅርንጫፉ ሂድ።

ቁጥሩ ግን ከእኛ አነጋገር ጋር ይያያዛል። እንግሊዞች «ሰርቲን» ሲሉ ኃይሉን መጨረሻው ላይ፣ «ሰርቲ» ሲሉ መጀመሪያው ላይ ያሳርፋሉ። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ቃሉን እኩል ጫና ሰጥተን ስለምንናገረው ሰሚው ይምታታበታል። «ሰርቲን፣ ዋን ስሪ» ብለህ አሃዞቹን ነጣጥለህ ድገም። ቀጠሮ ከሆነ የሳምንቱን ቀንም ጨምር፤ በአንድ ወር ውስጥ 13 እና 30 ፈጽሞ በአንድ የሳምንት ቀን ስለማይውሉ ጸሐፊዋ የተሳሳተ ቀን ከያዘች እዚያው ይታወቃታል።

ከዚያ ስልኩን ሳትዘጋ «ኩድ ዩ ሪድ ዛት ባክ ቱ ሚ፣ ፕሊዝ?» በላት። እሷ መልሳ ስታነብልህ ስህተቱን አንተው ትይዘዋለህ። «ዩ አንደርስታንድ?» ብለህ አትጠይቅ፤ ያልሰማ ሰውም «የስ» ይላል።

ለልምምድ ደሴ ያሉት ዘመዶችህ አይሆኑህም፣ አማርኛችንን ስለለመዱ የተሳሳተውንም ይረዱሃል። የሥራ ባልደረባህ ሌላ ክፍል ሆኖ ስልክ ያንሳ፤ ቁጥሮችንና ስሞችን አንብብለት፣ እሱ ይጻፍ። የጻፈውን ካንተ ወረቀት ጋር ስታስተያይ የትኛው ድምፅ እንደሚያስቸግርህ ይለያል። ኮርስ ካስፈለገህ ለዚያ ብቻ ክፈል።

ለቢሮ ሥራው አሁኑኑ አመልክት። በስልክ ቃለ መጠይቅ ከጠሩህ ሰዓቱንና ቀኑን በኢሜይል እንዲያረጋግጡልህ ጠይቅ፤ ይህን ማንም አይታዘብህም።

ክሊኒክ ውስጥ ስለ ሕመምህ ስትናገር ግን በዚህ ዘዴ ብቻ አትተማመን። የእንግሊዝ ብሔራዊ ጤና አገልግሎት አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባል፤ ቀጠሮ ስትይዝ «አማሪክ ኢንተርፕሪተር» ብለህ አስመዝግብ። ጓደኛህን አስተርጓሚ አታድርገው፤ ሐፍረት ያለበትን ነገር ታስቀራለህ፣ እሱም የመድኃኒቱን መጠን ሊያዛባው ይችላል።