በአማርኛ የተጻፈው «3 ሰዓት»

ጥያቄ፦ «በሥራ ቦታችን የኢሜይል ምልልሱ በእንግሊዝኛ ነው። አንድ አማርኛ ተናጋሪ ባልደረባዬ ግን ሁሉም በሚያነበው ምልልስ መካከል «ወንድምዓለም» እያለ በአማርኛ ይጽፍልኛል። በእንግሊዝኛ ብመልስለት እንደ ኩራት ይቆጥርብኛል፤ በአማርኛ ብመልስ ሌሎቹን ያገለልሁ ይመስላል። እናንተ እንዴት ታደርጋላችሁ?»

ወንድሜ፣ ኩራቱንና ማግለሉን ለጊዜው ተወው። እኔም የተጨነቅሁት በዚያው ነበር፤ ያስከፈለኝ ግን ሌላ ነገር ነው።

አንደኛ፣ ከመመለስህ በፊት `To` እና `Cc` ላይ ያሉትን ስሞች ተመልከትና መልስህን ተከትሎ ሥራ የሚሠራው ማን እንደሆነ ለይ። ጠያቂው ብቻ ከሆነ ቋንቋው የሁለታችሁ ጉዳይ ነው። ከሌሎቹ አንዱ እንኳን በመልስህ መሠረት የሚዘጋው፣ የሚከፍተው ወይም የሚልከው ነገር ካለ ግን በሥራ ቋንቋው ጻፍ።

እኛ ስድስት ነበርን፤ መረጃ ከአሮጌ ሰርቨር ወደ አዲስ ልናዛውር ነው። ባልደረባዬ በምልልሱ መካከል «ሐሙስ በ3 ሰዓት እንጀምር፣ እስከ 6 ይበቃናል?» ብሎ በአማርኛ ጠየቀኝ። እኔም `Reply all` ተጭኜ «ይበቃል፣ በ3 እንጀምር» አልሁት። ለእኛ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ጠዋት ነው። ሲስተሙን ለተጠቃሚ የሚዘጋው ክፍል ግን አማርኛ አያነብም። ጽሑፉን በማሽን አስተረጎመና 3 ሰዓት የሚል አገኘ። እንዲህ ያለ ሥራ በሌሊት እንደሚሠራ ስለለመደ ከ03:00 እስከ 06:00 ዘግቶ ከፈተው። እኛ በ09:00 ቅጂውን ስንጀምር ሰው ሁሉ ገብቶ እየመዘገበ ነበር።

ስህተቱ ወዲያው አልታየም። ከሰዓት በኋላ የሁለቱን ሰርቨሮች የመዝገብ ብዛት ስናስተያይ አልገጥም አለ፤ ቅጂው ካለፈባቸው ሰንጠረዦች ላይ በኋላ የገባው ሁሉ በአሮጌው ብቻ ቀርቷል። ሁለት ሌሊት አንድ በአንድ ስንለቅም አደርን። ያ ክፍል ደግሞ ሲጠየቅ «የማናነበው ቋንቋ መመሪያ ሊሆነን አይችልም» ብሎ አንድ መስመር ላከልን። የማያነበውን አስተርጉሞ ሲስተም የዘጋ እሱ ራሱ መሆኑን ግን አላነሣም! እስካሁን ይቆጨኛል፤ ይሁን እንጂ ያን መልስ የጻፍሁት እኔ ነኝ።

ሁለተኛ፣ ዛሬ ያው ጥያቄ ቢመጣ እንዲህ አደርጋለሁ። በመጀመሪያው መስመር ባልደረባዬ ያቀረበውን ሐሳብ በእንግሊዝኛ በአጭሩ እጽፋለሁ፤ አለበለዚያ ሌሎቹ መልሴ የምን መልስ እንደሆነ አያውቁም። ቀጥሎ መልሴን ከነቀኑ፣ ሰዓቱን በ09:00 አጻጻፍ አሰፍራለሁ። ከዚያ ለእርሱ ብቻ «ሁሉም እንዲያዩት ብዬ በእንግሊዝኛ መለስሁት» የሚል አጭር መልእክት በአማርኛ እልክለታለሁ። በሰው ፊት «እባክህ በእንግሊዝኛ ጻፍ» ማለት አያስፈልግም። የእኔ ባልደረባ ከሁለት ሦስት ጊዜ በኋላ በራሱ ወደ እንግሊዝኛው ተመልሷል።

ሦስተኛው ስለ ፍለጋ ነበር፦ ከወራት በኋላ ውሳኔውን በእንግሊዝኛ ቃል የሚፈልግ ሰው በአማርኛ የጻፍኸውን አያገኘውም። ከዚህ ይልቅ የሚከነክነኝ በተቃራኒው ያጠፋሁት ነው።

ከዚያ ሐሙስ በኋላ ለማንም በእንግሊዝኛ ብቻ የምመልስ ሰው ሆንሁ። አንዲት አዲስ ባልደረባ ለእኔ ብቻ፣ በአማርኛ፣ «በስብሰባው የተባለው አልገባኝም፣ በሰው ፊት መጠየቅ ከብዶኝ ነው» ብላ ጻፈች። በሁለት መስመር እንግሊዝኛ መለስሁላት። እውነቱን ለመናገር አንዱ ምክንያቴ ስንፍና ነው፤ በአማርኛ ብጽፍ «አንቺ» ልበላት ወይስ «እርስዎ» የሚለውን መወሰን ነበረብኝ፣ እንግሊዝኛው ከዚያ አሳረፈኝ። ዳግመኛ አልጠየቀችኝም፤ ሥራውንም በተሳሳተ መንገድ ጨርሳ አመጣችው። ለአንተ ብቻ በራሱ ቋንቋ የጻፈ ሰው በዚያው ቋንቋ መልስ ይገባዋል። ከንግግራችሁ ለሌሎቹ የሚያስፈልግ ነገር ከወጣ አንተ በራስህ ቃል በእንግሊዝኛ ወደ ምልልሱ አምጣው እንጂ የሰውየውን ጽሑፍ አታስተላልፈው፤ `Forward` ስትል ከሥር ያለው ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። የጻፈልህን ሰው ስም አይተህ ብቻ ቋንቋ አትቀይር። እንግሊዝኛው ለሚያስቸግረው አንድ ሰው አዝኜ በአማርኛ ብመልስለት፣ «አለቃዬ እንዲያነበው ብዬ ነው ተቸግሬ የጻፍሁት» አለኝ።