ቅዳሜ ነው ወይስ ጥር 16? የሠርግ ጥሪ ካርድ ስለ ማረም

ጥያቄ፦ «እህቴ በመጪው ጥር ታገባለች፤ የጥሪ ካርዱን የማሳተሙ ኃላፊነት በእኔ ላይ ነው። ካርዱ በአንድ ገጽ አማርኛ፣ በሌላው እንግሊዝኛ ነው። ማተሚያ ቤቱ የላከልኝን ናሙና ሦስት ጊዜ አንብቤ ደህና ነው ብዬ ነበር። አክስቴ ግን ገና እንዳዩት ጥር 16 ቅዳሜ አይደለም አሉ። የሚታተመው 400 ካርድ ነው። ከመፈረሜ በፊት ምን ምን ልመልከት? ናሙናውን አያይዤዋለሁ።»

መልስ፦ አክስትዎ ልክ ናቸው። በ2019 ዓ.ም. ጥር 16 የሚውለው እሁድ ነው። ያለ ቀን መቁጠሪያም ማረጋገጥ ይቻላል፦ በዚያ ዓመት ጥምቀት ማለትም ጥር 11 ማክሰኞ ነው፤ ረቡዕ 12፣ ሐሙስ 13፣ ዓርብ 14፣ ቅዳሜ 15፣ እሁድ 16። ጥር ላይ ለሚደረግ ሠርግ እኔ ሁልጊዜ የምቆጥረው ከጥምቀት ተነሥቼ ነው፤ ጥምቀት የዋለበትን ዕለት ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋልና አይሳሳትም።

አሁን ናሙናዎን ጎን ለጎን እንየው። አማርኛው «ቅዳሜ ጥር 16 ቀን 2019 ዓ.ም. ከቀኑ 6:00 ሰዓት ጀምሮ» ይላል። እንግሊዝኛው ደግሞ ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 23 ቀን 2027፣ 6:00 ፒ.ኤም. ይላል። ጃንዋሪ 23 በእርግጥ ቅዳሜ ነው። ስለዚህ የአማርኛው ቅዳሜ፣ የእንግሊዝኛው ቅዳሜና ጃንዋሪ 23 ሦስቱም ይስማማሉ፤ ብቻውን የቀረው ጥር 16 ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ሦስቱ ከተስማሙ አንዱ ነው የተሳሳተው» ብሎ 16ን ወደ 15 ይለውጣል። እባክዎ ይህን አያድርጉ።

እንዲህ ዓይነት ናሙና በጠረጴዛዬ ላይ ብዙ ጊዜ አልፏል፤ አመጣጡም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ቤተሰቡ የቆረጠው እሁድ ጥር 16 ነበር። እንግሊዝኛውን የጻፈው ሰው ቀኑን ሲቀይር 8 መደመር ሲገባው 7 ደመረና 23 አገኘ። ከዚያ ስልኩን ከፍቶ ጃንዋሪ 23 ቅዳሜ መሆኑን አየ፤ እንግሊዝኛው ላይ ቅዳሜ ጻፈ፤ አማርኛው «እሁድ» ማለቱን ሲያይ ደግሞ ያረመ መስሎት ያንንም ቅዳሜ አደረገው። ሦስቱ ምስክሮች የተወለዱት ከአንድ የመደመር ስህተት ነው ማለት ነው። ያልተነካው፣ ከቤተሰቡ አፍ እንደወጣ የቀረው 16 ብቻ ሊሆን ይችላል። በእርስዎ ካርድ ላይ የሆነው ይኸው ነው ብዬ አልምልም፤ ቅዳሜም ሊሆን ይችላል። የሚፈርደው ግን በካርዱ ላይ የተስማሙት ብዛት አይደለም፤ ከካርዱ ውጭ ያለ ወረቀት ነው። የአዳራሹን የኪራይ ውል ያውጡ፤ ዕለቱንም ቀኑንም በውሉ ላይ ይዩ። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ካለ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር የተያዘውን ቀን ከውሉ ጋር ያስተያዩ። ሁለቱ ከተስማሙ ካርዱ የሚስተካከለው በእነሱ ነው።

ስለ 7 እና 8 ትንሽ ልጨምር፤ ዋናው የስህተት ምንጭ እዚህ ነውና። በአብዛኛው ዓመት ጥር 1 ጃንዋሪ 9 ላይ ይውላል፤ ልዩነቱ 8 ነው። የካቲት 1 ግን ፌብሩዋሪ 8 ነው፤ ልዩነቱ 7 ይሆናል። የየካቲት ካርድ ሠርቶ የለመደ እጅ ጥር ላይ 7 ይደምራል። ከዚህ የሚብሰው ጳጉሜን 6 ቀን የሆነችበት ዓመት ሲያልፍ ነው። የ2019 ጳጉሜን 6 ቀን ናት፤ ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2020 የሚውለው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው። ከዚያ እስከ ፌብሩዋሪ 2028 መጨረሻ ድረስ ሁሉም ቀን በአንድ ይገፋል። የእህትዎ ጥር 16 ጃንዋሪ 24 ሲሆን፣ የቀጣዩ ዓመት ጥር 16 ግን ጃንዋሪ 25 ነው። ለዚህ ነው ከዓምና ካርድ ቀን መገልበጥ የማልወደው። በዚያው እግረ መንገድ የእንግሊዝኛው ዓመት 2027 መሆኑን፣ አማርኛው ላይ ደግሞ 2027 ዓ.ም. የሚል ድብልቅ እንዳልገባ ይዩ።

ወደ ሰዓቱ እንሂድ። ከቀኑ 6:00 በእንግሊዝኛ 6:00 ፒ.ኤም. ሊሆን አይችልም፤ 6:00 ፒ.ኤም. በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12:00 ነው። የእናንተ ምሳ በእንግሊዝኛው ገጽ እራት ሆኗል። ቁጥሩ በሁለቱም ገጽ 6 በመሆኑ ዓይን ምንም አይጎረብጠውም፤ ሦስት ጊዜ አንብበው ያላዩትም ለዚህ ነው። እኔ የማደርገው ተቃራኒውን ነው፦ በአማርኛውና በእንግሊዝኛው ገጽ አንድ ዓይነት የሰዓት ቁጥር ካየሁ ስህተት ነው ብዬ እነሣለሁ፤ ትክክለኛው ልዩነት ሁልጊዜ 6 ሰዓት ነውና። ከጠዋቱ 3:00 የእንግሊዝኛው 9:00 ኤ.ኤም. ይሆናል፤ ከቀኑ 8:00 ደግሞ 2:00 ፒ.ኤም.። የእናንተ 6:00 እኩለ ቀን ነው። 12:00 ፒ.ኤም. ቢባል ትክክል ቢሆንም አንዳንዱ እኩለ ሌሊት ነው ብሎ ስለሚጠራጠር፣ «እኩለ ቀን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ከቁጥሩ አጠገብ አስጽፉ። በአማርኛው በኩል «ከቀኑ» የሚለው ቃል እንዳይጠፋ፤ «6:00 ሰዓት» ብቻ ከቀረ ቀንም ሌሊትም ይሆናል። እንግሊዝኛውን ገጽ እንደ ጌጥ አይዩት፤ ከአሜሪካም ሆነ ከዱባይ የሚመጣው ዘመድ የአውሮፕላን ትኬት የሚቆርጠው እሱን አይቶ ነው።

ስሞቹ ላይ ሁለት ነገር አይቻለሁ። (እዚህ ስሞቹን ቀይሬአቸዋለሁ።) ሙሽሪት «ሠናይት ኃይሉ» ተብላለች፤ ጠሪው አባቷ ግን «አቶ ሀይሉ» ናቸው። በእኛ አጠራር የልጅ ሁለተኛ ስም የአባት የመጀመሪያ ስም ነው፤ ስለዚህ ካርዱ ራሱን የሚፈትሽበት መንገድ ከውስጡ አለው። የሙሽሪትን ሁለተኛ ስም ከአባቷ ስም ጋር፣ የሙሽራውንም ከአባቱ ስም ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። ኃ፣ ሐ እና ሀ፣ ሠ እና ሰ፣ ዓ እና አ፣ ፀ እና ጸ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ጮክ ብሎ ማንበብ አይረዳም፤ ማየት ያስፈልጋል። የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚወስነው ሰዋስው ሳይሆን ባለስሙ ራሱ ነው። አባትየው ስማቸውን በሀ የሚጽፉ ከሆነ በሀ ይሁን፤ ብቻ በሁሉም ቦታ አንድ ይሁን። ሽፋኑ ላይ ያሉትን የመጀመሪያ ፊደላት አይርሷቸው፤ የእናንተው ሽፋን «ሰ እና ዳ» ይላል፣ ውስጡ ግን «ሠናይት» ነው። ሽፋኑ ብዙ ጊዜ በሌላ ፋይል ስለሚሠራ እርማቱ አይደርሰውም።

ሁለተኛው የእናትየው ስም ነው። አማርኛው በራሳቸውና በአባታቸው ስም በትክክል ጽፎ ሳለ፣ እንግሊዝኛው «ሚስስ ኃይሉ» ብሎ በባላቸው ስም ጠርቷቸዋል። እኛ ዘንድ ሴት ስታገባ ስሟን አትለውጥም። ልጇን የምትድር እናት ስሟ ከካርዱ ሲጠፋ እኔን ያሳዝነኛል፤ ሙሉ ስማቸው በላቲን ፊደል ይጻፍ። የላቲን አጻጻፉን ከፓስፖርት ወይም ከመታወቂያ ይውሰዱ፤ በግምት የተጻፈ አይሁን።

ቦታውን በተመለከተ አማርኛው «ቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን» ብሎ አቁሟል። አዲስ አበባ ውስጥ የካ ሚካኤልም አለ፣ ቦሌ ሚካኤልም አለ። እንግሊዝኛው የካ መሆኑን ጽፏልና አማርኛውም ይጻፈው። ለአዳራሹ ደግሞ የታወቀ ምልክት ይኑር፤ «ጀርባ» እና «ፊት ለፊት» በሁለቱም ገጽ አንድ መሆናቸውን ይዩ።

ካርዱ ግርጌ ያለው የካርታ ኪው አር ኮድ ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል፤ ዓይን ሊያርመው የማይችል ብቸኛው ነገር እሱ ነውና። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ ጽሑፉን ያረምኩት አንድ ካርድ በሁሉም ነገር ንጹሕ ነበር። ዲዛይኑ ግን ከሌላ ደንበኛ ካርድ የተነሣ ስለነበር፣ ኮዱ የቀድሞው ሠርግ አዳራሽ ላይ ነበር የሚያደርሰው። 300 ካርድ ታትሞ ካለቀ በኋላ የሙሽራው ጓደኛ ነው የደረሰበት። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ አዲስ ኮድ በእጅ ሲለጠፍ ሁለት ቀን አለፈ። ከዚያ ወዲህ ኮዱን ከስክሪን ላይ አላነብም፤ በእውነተኛው መጠን በወረቀት ላይ አሳትሜ፣ በሁለት የተለያዩ ስልኮች አነብና የሚከፈተው ቦታ የአዳራሹ በር መሆኑን አያለሁ። ወርቃማ ቀለም ባለው ወይም በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ከሆነ ኮዱ በስክሪን ተነብቦ በወረቀት አልነበብ ሊል ይችላል፤ ናሙናው በዚያው ወረቀት ላይ ይሁን።

አሁን የሚያደርጉት ይህ ነው። ካርዱን ለጊዜው ይተዉትና በአንድ ነጭ ወረቀት ላይ ዕለቱን፣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ሰዓቱን በሁለቱም፣ ስሞቹን፣ ቦታዎቹንና ስልኮቹን ከውሉ፣ ከመታወቂያውና ከባለስሞቹ አፍ ወስደው ይጻፉ። ከካርዱ አንዲት ቃል አይገልብጡ። ከዚያ አክስትዎን ይጥሩ፤ እርስዎ ከነጭ ወረቀቱ ላይ አንድ በአንድ ያንብቡ፣ እሳቸው በካርዱ ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ፊደሉን «ንጉሡ ሠ፣ ብዙኃኑ ኃ» እያሉ በስሙ ይጥሩት፤ ቁጥሩንም አሃዝ በአሃዝ። ምልክት ያላገኘ ነገር ካለ ጎዶሎው እሱ ነው።

እርማቱን ለማተሚያ ቤቱ በስልክ አይንገሩ፤ በናሙናው ላይ ጽፈው ይላኩ። አዲሱ ናሙና ሲመጣ የተስተካከለውን መስመር ብቻ አይዩ፤ አንድ ቃል ሲቀየር ቀጣዩ መስመር ሊገፋ ወይም አማርኛው ታርሞ እንግሊዝኛው ሊረሳ ይችላል። የሙሽራው ቤተሰብ ለብቻቸው ካርድ የሚያሳትሙ ከሆነም ነጭ ወረቀቱን ለእነሱም ይስጧቸው። በቴሌግራም የሚላከው ምስልም ከታረመው ፋይል የወጣ ይሁን፤ ቀደም ብሎ ለቤተሰብ የተበተነ ናሙና ካለ ይሰረዝ።

ከመፈረምዎ በፊት በመጨረሻው ናሙና ላይ ያሉትን ስልኮች ከወረቀቱ እያዩ ይደውሉ። በስልክዎ ከተያዘ ስም አይደውሉ፤ ቁጥሩን አሃዝ በአሃዝ ይምቱት። ያነሣው ሰው የሚጠበቀው ሰው ከሆነ ይፈርሙ።