ጎመንና ቆስጣ በአንድ ድስት

«እትዬ፣ ረቡዕና ዓርብ ጎመንና ቆስጣ ቀላቅዬ እሠራለሁ። ከትፌ አጥባቸዋለሁ፣ የተቁላላው ሽንኩርት ላይ ጨምሬ ከድኜ አበስላቸዋለሁ። ጎመኑ ይመርራል፣ ቆስጣው ይዝለገለጋል፣ እንጀራው ደግሞ ከሥሩ በውሃ ይርሳል። ቶሎ እንዲበስል ብዬ ሶዳ ባደርግበት ጭራሽ ለፈሰፈሰብኝ። ምኑ ላይ ነው የምሳሳተው?»

የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ ሶዳውን ከጎመን ድስት አርቂው። ሶዳ ቅጠሉን አረንጓዴ ስለሚያደርገው ሰው ይታለላል። ግን ቅጠሉን አጣብቆ የያዘውን ነገር ያሟሟዋል። መለፍሰፍሱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ትንሽ ከበዛ ደግሞ ሳሙና ሳሙና ይላል። አንዴ ከገባ ማውጫ የለውም፣ ያንን ድስት እርሺው።

ሶዳ ባታደርጊበትም ግን ችግሩ አይለቅሽም ነበር። ጎመንና ቆስጣ አረንጓዴ ከመሆናቸው በቀር አይመሳሰሉም። ጎመን ጠንካራ ነው፣ ብዙ ውሃና ጊዜ ይፈልጋል። ቆስጣ ራሱ ውሃ ነው፣ እሳት ሲያየው ይሟሽሻል። አንድ ላይ ከደንሻቸው ጎመኑ እስኪበስል ቆስጣው ያልቅለታል። ቆስጣውን አይተሽ ብታወጪ ጎመኑ ጥሬ ይቀራል። አራት ኪሎ አካባቢ ባለችው ትንሽ ኩሽናዬ የጾም በያይነቱ ስሠራ ሁለቱ የሚገናኙት መጨረሻ ላይ ብቻ ነው።

ስለ ምሬቱ ልንገርሽ። ጎመን ከሰናፍጭ ጋር ዘመድ ነው። ጥሬውን ስትከትፊው ቅጠሉ ውስጥ ተለያይተው የተቀመጡ ነገሮች ይገናኙና ያ የሚያቃጥለው፣ የሚመርረው ጣዕም ይፈጠራል። በደቀቀ ቁጥርና ተከትፎ በቆየ ቁጥር ይብሳል። ስለዚህ እናቶቻችን መጀመሪያ ቀቅለው ኋላ መክተፋቸው ዝም ብሎ ልማድ አይደለም። ቅጠሉ ሙሉውን ፈላ ውሃ ውስጥ ሲገባ ያ መገናኘት ይቆማል፣ ከምሬቱም የተወሰነው ከውሃው ጋር ይወጣል። አንቺ ከትፈሽ ነው የምታጥቢው። ምሬቱን ቀስቅሰሽ፣ በላዩ ላይ ውሃ አሸክመሽ ድስት ትከቺዋለሽ ማለት ነው።

ስትገዢም እይ። ከእስሩ መሃል ቢጫ አበባ ብቅ ያለበት ጎመን አርጅቷል፣ ምንም ብትቀቅዪው ትንሽ መምረሩ አይቀርም። ቆስጣው ደግሞ በፌስታል ታፍኖ የዋለ ከሆነ ሥሩን በጣትሽ ንኪው። ሙልጭልጭ ካለ መበስበስ ጀምሯል፣ ተዪው።

አሁን ለአራት ሰው እንሥራ። 1 ኪሎ ጎመንና ግማሽ ኪሎ ቆስጣ ያዢ። ሁለቱንም ሳትከትፊ በሰፊ ሳፋ ሦስት ጊዜ እጠቢ። ቅጠሉን እያነሳሽ አውጪው፣ ውሃውን ከነቅጠሉ አትድፊው፤ አፈሩ ተመልሶ ይወርድበታል። የጎመኑን ወፍራም አገዳ ቁረጪና ጣዪ። የቆስጣውን ነጭ አገዳ ግን አትጣዪው፣ ለብቻ አስቀምጪው።

ትልቅ ድስት ላይ 4 ሊትር ያህል ውሃ አፍዪ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምሪበት። ውሃው በደንብ ሲንተከተክ ጎመኑን በሁለት ዙር ክተቺው። የኤሌክትሪክ ምድጃ ከሆነ ያለሽ ይሄ ዙር ነገር የግድ ነው። ሁሉን ባንዴ ብትከቺው ውሃው ይበርድና እንደገና እስኪፈላ ቅጠሉ ለብ ባለ ውሃ ተዘፍዝፎ ይቀመጣል። ክዳን አትክደኚ። ከቅጠሉ የሚወጣው ኮምጣጣ ነገር በእንፋሎት ካልሄደ ተመልሶ ይንጠባጠብበትና ቀለሙን ያጠቁረዋል።

ውሃው እንደገና ከፈላ በኋላ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ጠብቂ። ከውጭ አገር ቪዲዮ አይተሽ አምስት ደቂቃ የሚል ካገኘሽ እዚህ አይሠራልሽም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ውሃችን የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ጠንካራ ቅጠል ይዘገይብናል። ሰዓቱን ትተሽ መሃል ያለውን ጅማት በጥፍርሽ ጫን በዪው። ጥፍርሽ ከሰመጠ ደርሷል።

አውጥተሽ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሪው። ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። አንድ ጊዜ ለአርባ ሰው ትእዛዝ ጎመኑን በትኩሱ ባልዲ ውስጥ ከትቼ ከደንኩት። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስከፍተው እሳት ሳይነካው በራሱ ሙቀት በስሎ፣ ቀለሙ ሻይ ቅጠል መስሎ ጠበቀኝ።

ቆስጣው እንዲህ አያለፋም። በዚያው ድስት አዲስ ውሃ አፍዪ። አገዳውን 3 ደቂቃ ቀቅዪ፣ ከዚያ ቅጠሉን ጨምሪበትና አንድ ደቂቃ ብቻ። ቅጠሉ ሲተኛና ቀለሙ ሲደምቅ አውጪው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተቺው። የቀቀልሽበትን ውሃ ለወጥ እንዳትጠቀሚበት። ቆስጣ ስትበዪ ጥርስሽን የሚያሻክረው ነገር ከፊሉ እዚያ ውስጥ ነው። አዎ፣ ቫይታሚኑም አብሮ ይሄዳል። ገና ለጋ ለሆነ ቅጠል መቀቀሉ አያስፈልግም፣ ለገበያው ጎመን ግን ያስፈልጋል።

እንጀራሽን የሚያርሰው ውሃ የሚወጣው በመጭመቅ ነው። እፍኝ እፍኝ እየያዝሽ እንደ ኳስ አጠንክረሽ ጭመቂ። ውሃው በጅረት መውረዱን ትቶ ጠብ ጠብ ሲል አቁሚ። ከዚያ በላይ ካደረቅሽው ሲበላ ገለባ ይሆናል። የምትከትፊው ከተጨመቀ በኋላ ነው፣ ጎመኑን አድቅቀሽ፣ ቆስጣውን ዘርዘር አድርገሽ።

ሁለት መካከለኛ ሽንኩርት ከትፈሽ በደረቁ አቁላዪው። ውሃው ሲመጥ አራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሪ። የተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አስከትዪ፣ ሽታው ሲመጣ ጎመኑን ጨምሪ። ሳትከድኚ በመካከለኛ እሳት 8 ደቂቃ ያህል አማስዪው። ድስቱን ዘንበል አድርጊ። ጥጉ ላይ ውሃ ከተጠራቀመ እሳቱን ጨመር አድርገሽ ጠብቂ። ዘይት ብቻ ከታየሽ ጨርሷል። አሁን ቆስጣው ይግባ፣ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። ጨውን እዚህ ቅመሺና አስተካክዪ፣ መቀቀያው ጨው ስለነበረው ብዙ አይፈልግም። ቀድመሽ ከጨመርሽው ደግሞ ያንን ሁሉ ደክመሽ ያወጣሽውን ውሃ ከቅጠሉ መልሶ ይስባል።

ቃሪያውን ሰንጥቀሽ እሳቱን ካጠፋሽ በኋላ ጣል አድርጊበት። ሎሚ የምትወጂ ከሆነ ድስት ውስጥ አትጭመቂው፣ የቅጠሉን ቀለም ያጠቁረዋል። ማዕድ ላይ ይጨመቅ። ከድስት አውርደሽ እንጀራ ላይ ከማድረግሽ በፊትም አምስት ደቂቃ ክፍት ይቀመጥ። እንፋሎቱ ካልወጣ እንጀራው ላይ ውሃ ይሆናል።