«ደንብ የለንም» የተባለ አባትና የ15 ቀን ፈቃዱ

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከወለደች አምስት ቀኗ ነው። የምሠራው ዘጠኝ ሠራተኛ ባለው አነስተኛ የግል ድርጅት ነው፤ የተጻፈ የፈቃድ ደንብ የለንም። «ልጅ ስለተወለደልኝ የ15 የሥራ ቀን ፈቃድ እንዲሰጠኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» የሚል ደብዳቤ አስገባሁ። ሥራ አስኪያጁ «ደንብ የለንም፤ ግን ግድ የለም፣ ሂድ» አለኝ። ዛሬ ቤት ከዋልኩ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ደንብ ከሌለ መብት የለኝም? ደመወዜስ ይቆረጣል?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለዎት። የደንቡ ነገር ቀላል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 81 ለወንድ ሠራተኛ ሦስት ተከታታይ ቀን የአባትነት ፈቃድ ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣል። ይህ መብት የሚመነጨው ከአዋጁ ነው፤ ድርጅቱ ደንብ ባይጽፍም፣ ሠራተኞቹ ዘጠኝ ብቻ ቢሆኑም አይቀርም። «ተከታታይ» ስለሚል ግን ዛሬ አንድ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት እያሉ ከፋፍለው ለመውሰድ አይመችም።

እኔን ያሳሰበኝ ያልነገሩኝ ነገር ነው። የጠየቁት 15 ቀን ነው፤ ሕጉ በአባትነት ስም የሚሰጥዎ ሦስት ነው። የቀሩት 12 ቀናት ምን ዓይነት ፈቃድ ናቸው? ደብዳቤዎ አይናገርም፤ ሥራ አስኪያጁም በጽሑፍ አልመለሱም። እንደ ጽሑፍዎ ከሆነ ሦስቱ ቀን ዛሬ ያልቃል። ከነገ ጀምሮ ቤት የሚውሉት «ግድ የለም፣ ሂድ» በሚል ቃል ብቻ ነው።

ብዙ ደንበኞች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ወዳጅነት ባለበት አነስተኛ ድርጅት የቃል ፈቃድ ይበቃል ብለው ይሄዳሉ። ከዚያ ሥራ ይበዛል፣ ሥራ አስኪያጁ ይበሳጫል፣ «ከሥራ ቀርተዋል» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይመጣል። በአንቀጽ 27 መሠረት በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን ያለ በቂ ምክንያት ከሥራ የቀረ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሊሰናበት ይችላል። መቅረቱ በአዋጁ ከተሰጡት ፈቃዶች በአንዱ የሚሸፈን ከሆነ ግን ይህ ምክንያት አይሠራም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቀን የፈቃድ ስም ይኑረው።

የእርስዎን 12 ቀን እንመልከት። በድርጅቱ አንድ ዓመት ከሞላዎ የመጀመሪያው የዓመት ፈቃድዎ 16 የሥራ ቀን ነው፤ 12ቱን ከዚያ ቢወስዱ አራት ይተርፍዎታል፣ ደመወዝዎም አይነካም። ነገር ግን የዓመት ፈቃድ የሚወሰድበትን ጊዜ የሚወስነው የሥራውን ሁኔታና የሠራተኛውን ፍላጎት እያየ አሠሪው ነው። እርስዎ ስለፈለጉ ብቻ አይጀምርም፣ የእሱ ይሁንታ ያስፈልጋል። ዓመት ካልሞላዎ ጉዳዩ ይከብዳል። ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲያጋጥም እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ የሚሰጥ ፈቃድ አለ፤ እናት ወይም ሕፃኑ ታመው ከሆነ የሕክምና ማስረጃ ይዘው ይጠይቁ። እሱም ቢሰጥዎ ሰባት ቀን ያለ ሽፋን ይቀራል፤ አምስቱን ያልፋል ማለት ነው። የሌለ ሕመም አስመስለው የሐኪም ወረቀት ለማምጣት እንዳይሞክሩ። ከሥራ መቅረት የነበረውን ጉዳይ ወደ ማጭበርበር ይለውጠዋል።

ሌላም የዘለሉት አለ፤ የሥራ መደብዎ። በአነስተኛ ድርጅት ሁሉም «ማናጀር» ነው። የመቅጠር፣ የማሰናበትና የመሳሰለ ሥልጣን በእርግጥ ካለዎት የሥራ መሪ ሊባሉ ይችላሉ፤ አዋጁ ደግሞ የሥራ መሪን አይሸፍንም። የሚታየው የሚሠሩት ሥራ እንጂ የመደቡ መጠሪያ አይደለም። ውልዎን ለጠበቃ ሳያሳዩ በዚህ ላይ እርግጠኛ አይሁኑ።

ዛሬ፣ ሌላ ነገር ሳያስቀድሙ፣ አዲስ ደብዳቤ ይጻፉ፦ «በዚህ ቀን ልጅ ስለተወለደልኝ በአዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 81 መሠረት ከዚህ እስከዚህ ቀን ሦስት ቀን የአባትነት ፈቃድ የወሰድኩ መሆኑን አረጋግጣለሁ። ቀሪው 12 የሥራ ቀን በቃል በፈቀዱልኝ መሠረት ከዓመት ፈቃዴ እንዲታሰብልኝና በጽሑፍ እንዲረጋገጥልኝ እጠይቃለሁ።» ከጤና ተቋሙ የተሰጠውን የልደት ማሳወቂያ ቅጂ ያያይዙ። ሁለት ቅጂ ይዘው ይሂዱ፤ አንዱን ያስገቡ፣ በሌላው ላይ የተቀበለው ሰው ቀን ጽፎ ይፈርምልዎ። አልፈርምም ካለ ይዘቱን በስልክዎ በቴሌግራም ወይም በኢሜይል ለራሱ ለሥራ አስኪያጁ ይላኩና መልሱን አያጥፉ። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ነገ ጠዋት ሥራ ቦታ ይገኙ። ሕፃን ጥሎ መውጣት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ሥራ ፍለጋ መውጣት ግን ይብሳል።

የሦስቱ ቀን ደመወዝ ከተቆረጠብዎ ክስ የማቅረቢያው የይርጋ ጊዜ ስድስት ወር ነው፤ ከሥራ ተሰናብተው ልመለስ ካሉ ሦስት ወር ብቻ። የቅጥር ውልዎን ወይም የደመወዝ መቀበያዎን፣ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ቅጂና የመልእክት ልውውጡን አሁኑኑ ይሰብስቡ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከደረሰዎ ሳይፈርሙና ሳይመልሱ ጠበቃ ያማክሩ።