የራስ ምታቱን ግፊት ለኩ

ልጆቼ፣ ሙያውን ገና የጀመራችሁ ሐኪሞችና ነርሶች፣

ኤችአይቪ የሰውነት መከላከያውን ክፉኛ ያዳከመበት ሰው ራሴን አመመኝ ሲላችሁ ማስታገሻ ሰጥታችሁ አትሸኙት። እኔ ወጣት ሳለሁ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ሁለት ሳምንት ሙሉ ራሱን ሲያመው ቆይቶ መጣ። ትኩሳቱ ቀላል ነበር፤ አንገቱም እንደ ልብ ይታጠፋል። አፉ ውስጥ ነጭ የፈንገስ ሽፋን ስላየሁ ለዚያ ትንሽ ፍሉኮናዞል አዘዝኩለት፤ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትም በዚያው ቀን አስጀመርኩት። ራሱን ስቶ ተመለሰ፤ አላዳንነውም። ክሪፕቶኮከስ የተባለው ፈንገስ አንጎሉን በሸፈነው ስስ ሽፋን ውስጥ ተራብቶ ነበር። የተዳከመ ሰውነት በሽታውን ስለማይዋጋ አንገት ላይገተር፣ ትኩሳትም ላይበረታ ይችላል። እኔ መከላከያውን በድንገት ስቀሰቅሰው ፍልሚያው ጠባቡ የራስ ቅል ውስጥ ተጀመረ።

ከዓመታት በኋላ ሲዲ ፎሩ 38 የሆነ ሌላ ወጣት በዚያው ዓይነት ራስ ምታት መጣ። በጣት ደም የሚሠራው የክሪፕቶኮካል አንቲጂን ምርመራ በ10 ደቂቃ ሁለተኛውን መስመር አሳየን። ቤተሰቡ ጀርባ መወጋት ሽባ ያደርጋል ብለው ፈሩ። መርፌው የሚገባው ኅብለ ሰረሰሩ ካበቃበት በታች መሆኑን በራሴ ጀርባ ላይ በጣቴ አሳየኋቸውና ፈቀዱ። በጎኑ አስተኝተን፣ እግሩን ዘና አድርገን ስንለካ የፈሳሹ ግፊት 38 ሴንቲ ሜትር ደረሰ፤ ከ20 መብለጥ አልነበረበትም። ፈንገሱና የሚለቀው አተላ ፈሳሹ የሚወጣበትን መንገድ ይደፍኑታል። 20 ሚሊ ሊትር ያህል ቀስ ብለን ቀድተን ድጋሚ ስንለካ 18 ሆነ። መድኃኒት ገና ሳይጀምር ራሱ ቀለለው።

በኢንዲያ ኢንክ ፈንገሱ በጥቁር ቀለም መካከል ነጭ ክብ ሆኖ ታየ። ባይታይም ኖሮ ሕክምናውን አንተውም ነበር፤ ያ ምርመራ ብዙዎችን ይስታልና።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን በኪሎ 10 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ፣ ከዚሁ ጋር ፍሉሳይቶሲንና በቀን 1200 ሚሊ ግራም ፍሉኮናዞል ለ14 ቀን ሰጠነው። ኩላሊቱን፣ ፖታሲየሙንና የደም ሴሎቹን በየጊዜው አየን።

በሦስተኛው ቀን ሕመሙ አገረሸ፤ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያይ ጀመር። አብሮኝ የነበረው ወጣት ሐኪም መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ዴክሳሜታሶን ሊጨምር ፈለገ። በዚህ በሽታ ላይ ግን ዴክሳሜታሶን ይጎዳል። መርፌውን አምጣ አልኩት፤ ግፊቱ 34 ነበር። በየቀኑ እየለካን ቀዳንለት፤ በስድስተኛው ቀን ሳይቀዳለት 17 ሆኖ አገኘነው። ብዙዎች የሚሞቱት ይህን ድጋሚ መርፌ ሳይወጉ ቀርተው ነው።

ከዚያ ፍሉኮናዞሉ ለ8 ሳምንት ወደ 800፣ ቀጥሎም ወደ 200 ወረደ። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቱን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ማዘግየት ነበረብን፤ ለምን አልጀመርኩም እያለ በየቀኑ ይጠይቀኝ ነበር። በአምስተኛው ሳምንት ጀመረ።