«ከባድ ሁኔታ ትችላለህ?» ሲሏችሁ

የእህቴ ልጅ አንድ የእርዳታ ድርጅት ለኢንተርቪው ጠርቷት «ጋሼ፣ ይህን ሥራ ለምን ፈለግሽ ሲሉኝ ምን ልበል?» አለችኝ። ወዲያው ትዝ ያለችኝ በ2003 ክረምት ለዶሎ አዶ የሥነ ምግብ ሠራተኛ ስንቀጥር ያመለጠችን ልጅ ናት። እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች።

በዚያ ዓመት ድርቁን ሸሽቶ ከሶማሊያ የሚገባው ሰው ለጉድ ነበር። እዚያው ኮቤ የሚባለው የስደተኞች ካምፕ የተከፈተውም ያኔ ነው። መጀመሪያ የገባው አመልካች ፈርጠም ያለ ልጅ ነው። «ከባድ ሁኔታ ትችላለህ?» ስንለው «ሙቀቱም አቧራውም ለእኔ ምንም አይደለም» አለ፣ ወደድነው። ልጅቷ ደግሞ «ሙቀት ይከብደኛል፣ ውሃ ካለና ቀትር ላይ ጥላ ካገኘሁ ግን እሠራለሁ» አለችና መልሳ ጠየቀችን፦ «ክንዱ 11.6 የሆነ ልጅ ፕላምፒ ነት አይሰጠውም። እናቱን ምን ብለን ነው የምንመልሳት?»

ላልሠራበት ሰው ላስረዳ። ፕላምፒ ነት በምግብ እጥረት በጠና ለተጎዳ ልጅ የሚሰጥ የለውዝ ምግብ ነው። የልጁ ግራ ክንድ መሀሉ ላይ በጥብጣብ ይለካል። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ በጠና ተጎድቷል ማለት ነው፣ ፕላምፒ ነት ይጀምራል። ከዚያ በላይ እስከ 12.5 ያለው የሚያገኘው ሌላ ተጨማሪ ምግብ ነው። ታዲያ ጥብጣቡን ትንሽ ጠበቅ ካደረጉት 11.6 የነበረው 11.4 ይሆናል፣ ማንም አያይም።

አንዱ ጠያቂ «ይቺ ገና ሳትሄድ ፈራች» አለ፣ ነጥቧ ወረደ። ልጁ ተቀጠረ። ሙቀቱን እንዳለውም ቻለው። ያልቻለው እናቶቹን ነው። በኋላ መዝገቡን ሳገላብጥ ገጹ በሙሉ 11.4፣ 11.4፣ 11.4። እውነተኛ ልኬት እኮ የተበታተነ ነው። የወሩ የፕላምፒ ነት ካርቶን ወሩ ሳይጋመስ አለቀ፣ ክንዱ 10 ምናምን የሆነ ልጅ ሲመጣ መጋዘኑ ባዶ ነበር። የቀጠርነው ልጅ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ አንጀቱ አልችል ብሎት ነው። ደግሞ ሰው የሚወድ ልጅ ነበር፣ ማታ ማታ የፍየል ወተት ሻይ የሚያፈላልን እሱ ነው።

ስለዚህ «ወገኔን ማገልገል እፈልጋለሁ» የምትለዋን ተዉአት፣ ሁሉም ይላታል። እኔም ስቀጠር ያልኳት እሷኑ ነው፣ ያኔ ታሳልፍ ነበር። የዛሬ ልጆች ደግሞ ችግኝ ስትተክሉ የተነሳችሁትን ፎቶ ማሳየት ትወዳላችሁ። ፎቶው ይቅርና ሰውን «አይሆንም» ብላችሁ የመለሳችሁበትን ቀን ንገሯቸው። ቀበሌ ውስጥ የሴፍቲኔት ምዝገባ ረድታችሁ ስሟ ያልወጣ እናት ፊታችሁ ቆማ ታውቅ ይሆናል። ምን አላችኋት? የት ሄዳ አቤት እንድትል ነገራችኋት? ከፊልድ ሥራ ከባዱ እሱ ነው፣ ሙቀቱ ይለመዳል።

አስም ካለባችሁ አትደብቁ፣ አቧራው ራሱ ያወጣዋል። ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ ድንኳን ውስጥ ስንት ሆናችሁ እንደምታድሩ፣ ዕረፍት በስንት ሳምንት እንደሚሰጥ ጠይቁ። ይህን በመጠየቃችሁ ፊቱን የሚያጠቁር ጠያቂ ከገጠማችሁ እሱ ራሱ ካምፕ አድሮ አያውቅም።