ባለቤቴ አካል ጉዳተኛ ነው ወይስ ተጨንቆ ነው?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ባለቤቴ ባይፖላር የሚባለው የአእምሮ ሕመም እንዳለበት ከታወቀ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ሊትየም እየወሰደ በመጋዘን ተቆጣጣሪነት ይሠራል። ከስምንት ወር ወዲህ መሥሪያ ቤቱ በፈረቃ፣ ሌሊትም ጭምር ማሠራት ስለጀመረ ሁለት ጊዜ አገረሸበት፤ ሁለቱንም ጊዜ የሕመም ፈቃድ ወሰደ። አሁን ከሥራ ስለ መቅረቱ ማስጠንቀቂያ ደርሶታል። አማቴ ‹ጭንቀት ነው፣ ያልፋል፤ እኔም ልጄ ሲሞትብኝ ሦስት ወር አልቅሼ ተነሥቻለሁ› ይላሉ። እኔ መብቱን እንዲጠይቅ ስለምነው ‹አካል ጉዳተኛ አይደለሁም› ብሎ ይቆጣኛል። አለቃውን ራሴ ላናግረው ይሆን?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ባለቤትዎ ሳያውቁና ሳይፈቅዱ አለቃቸውን እንዳያናግሩ አጥብቄ እመክርዎታለሁ። ምክንያቱን ከታች እመለስበታለሁ፤ አስቀድሞ ግን በቤታችሁ የተነሣው ክርክር መፍትሔ ይፈልጋል።

የአማትዎ ሐዘን ከባለቤትዎ ሕመም ያነሰ ሥቃይ ነበረው ለማለት አልደፍርም። ልጅ የሞተበት ሰው እንቅልፍ ያጣል፣ ሥራ መሥራት ያቅተዋል፣ እንዲያውም በዚያ ጊዜ ከባለቤትዎ የባሰ ሊዳከም ይችላል። ልዩነቱ በሥቃዩ መጠን ላይ ሳይሆን በሚቆይበት ዘመንና በመመላለሱ ላይ ነው። ሐዘኑ ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ በአብዛኛው ሰው ላይም ቀስ በቀስ እየለዘበ ይሄዳል። ባይፖላር ግን ሰውየው ደኅና በሆነባቸው ወራት እንኳ አብሮት የሚኖር፣ እንቅልፍ ሲዛባ ወይም መድኃኒት ሲቋረጥ ሊያገረሽ የሚችል ሕመም ነው። በቤት ውስጥም ሊለዩት ይችላሉ፦ የተጨነቀ ሰው እንቅልፍ ሲያጣ ይደክማል፣ ይማረራል፤ ወደ ማኒያ፣ ማለትም ባይፖላር ወደሚያመጣው ከልክ ያለፈ የስሜትና የጉልበት ግለት እየገባ ያለ ሰው ግን ሦስት ወይም አራት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ጉልበቱ ሲጨምር፣ ንግግሩ ሲፈጥንና ዕቅዱ ሲበዛ ያዩታል።

እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 1 የረጅም ጊዜ የአካል፣ የአእምሮ፣ የአእምሮ እድገት ወይም የስሜት ሕዋሳት ጉዳት ያለባቸውንና ይህም ከልዩ ልዩ መሰናክሎች ጋር ሲገናኝ በኅብረተሰቡ ውስጥ ከሌሎች እኩል እንዳይሳተፉ ሊያግዳቸው የሚችለውን ሰዎች በጥበቃው ሥር ያካትታል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይጣመራሉ፤ አንደኛው የሕመሙ ረጅም ዘመን፣ ሁለተኛው መሰናክሉ ነው። ኮንቬንሽኑ «ረጅም ጊዜ» ስንት ወር እንደሆነ አይቆጥርም። አገሮች በየሕጋቸው ይወስኑታል፤ ለምሳሌ የብሪታንያ የ2010 የእኩልነት ሕግ 12 ወር የቆየን ወይም ሊቆይ የሚችልን ሕመም እንደ ረጅም ይቆጥራል፣ እየተመላለሰ የሚያገረሸውንም ያካትታል፣ በመድኃኒት የተያዘውንም መድኃኒቱ ባይኖር ምን ያደርስ ነበር ብሎ ይመዝናል። ስለዚህ ባለቤትዎ ዛሬ ጤናማ መስለው መታየታቸው ከጥበቃው አያስወጣቸውም።

«አካል ጉዳተኛ አይደለሁም» ማለታቸው አይገርመኝም። ቃሉ ራሱ «አካል» ብሎ ስለሚጀምር ሰው እግርን፣ ዓይንን፣ ጆሮን ያስባል፤ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰውም ራሱን በዚያ ስም ውስጥ አያገኘውም። በመስኩ ያለን ሰዎች ሥነ ልቦናዊና ማኅበራዊ ጉዳት የምንለው ሕመሙን ብቻ ሳይሆን ሕመሙ ከሥራ ሰዓት፣ ከሰው ንቀትና ከደንብ ግትርነት ጋር ሲጋጭ የሚፈጠረውን እገዳ ነው። ባለቤትዎ ከስድስት ዓመታት በላይ በቀን ፈረቃ ሠርተው ሁለት ጊዜ ያገረሸባቸው የሌሊት ፈረቃ ከመጣ በኋላ መሆኑን ይህ ያስረዳል። ስሙን በቤት ውስጥ እንዲወዱት አያስገድዷቸው፤ ለመሥሪያ ቤቱ በሚቀርበው ማመልከቻ ላይ የሚያገለግለው መብቱ ነው።

በሥራ ቦታ ትልቁ ልዩነት የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። ጊዜያዊ ጭንቀት ወይም ሐዘን የደረሰበት ሠራተኛ የሚያስፈልገው ዕረፍት ነው፤ የሕመም ወይም የሐዘን ፈቃድ ወስዶ ሲያገግም ወደ ቀድሞው ሥራው ይመለሳል። ባለቤትዎ ግን ያንኑ ፈቃድ ወስደው አገግመው የተመለሱት ወደዚያው ወዳሳመማቸው ፈረቃ ነበር። ፈቃዱ ሲደጋገም የቀሩባቸው ቀናት ይቆጠራሉ፣ ማስጠንቀቂያ ይከተላል፣ አሠሪውም ችግሩን እንደ ስንፍና ያየዋል። የረጅም ጊዜ ጉዳት ያለበት ሰው ከፈቃድ ሌላ ተመጣጣኝ ማመቻቸት፣ ማለትም ሥራው ከሁኔታው ጋር እንዲስማማ መጠነኛ ለውጥ እንዲደረግለት የመጠየቅ መብት አለው፤ ኮንቬንሽኑ በአንቀጽ 2 ይህን መከልከልን ራሱን እንደ አድልዎ ይቆጥረዋል።

በእሳቸው ጉዳይ የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። የመጀመሪያው ከሌሊት ፈረቃ ወጥተው በቋሚ የቀን ፈረቃ መመደብ ነው፤ የእንቅልፍ መዛባት ማኒያን ከሚቀሰቅሱ ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ስለሆነ። ሁለተኛው የሊትየም መጠን ለሚለካበት የደም ምርመራ በየጥቂት ወሩ አንድ ጠዋት ነጻ ማግኘት ነው። ደሙ የሚቀዳው የመጨረሻው መድኃኒት ከተወሰደ 12 ሰዓት ገደማ ሲሞላው ነው፤ ማታ በ3 ሰዓት የሚወስዱ ከሆነ ጠዋት በ3 ሰዓት መመርመር አለባቸው ማለት ነው። ፈረቃ በየሳምንቱ በሚለዋወጥበት ቤት ይህን ሰዓት መጠበቅ አስቸጋሪ ነው፤ ሐኪማቸውም ይህን በደብዳቤው ሊጠቅሰው ይችላል።

ገደቡንም ማወቅ ይገባል። አሠሪው ማመቻቸቱ ከአቅሙ ጋር የማይመጣጠን ሸክም እንደሚሆንበት ካሳየ እምቢ ሊል ይችላል፤ ሌሎች የቀን ሠራተኞች ባሉበት መጋዘን ይህን ማሳየት ግን ቀላል አይሆንም። የሥራውን ዋና ተግባር ማስቀረትም አይጠየቅም። አሠሪው ያላወቀውን ጉዳት እንዲያመቻች ማስገደድም አይቻልም፤ ስለዚህ አንድ ነገር መነገሩ አይቀርም። የሚነገረው ግን የሕመሙ ስም መሆን የለበትም። የሐኪሙ ደብዳቤ «የረጅም ጊዜ የጤና ሁኔታ አለባቸው፤ የሌሊት ሥራ ያባብስባቸዋል፤ ቋሚ የቀን ፈረቃ ያስፈልጋቸዋል» ቢል በብዙ ቦታ ይበቃል፤ ለሰው ኃይል ክፍል በጽሑፍ ተሰጥቶ ግልባጩ ከነቀኑ ቢያዝ፣ ለሥራ ባልደረቦች ምንም ባይነገር ይሻላል። ማስጠንቀቂያው ስለ ደረሰ አይዘግዩ፤ ከስንብት በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ ደካማ ነው።

እንግዲህ አለቃቸውን ብቻዎን ለምን እንዳያናግሩ እንደ መከርኩዎ ግልጽ ይሆንልዎታል። ማን ምን ማወቅ እንዳለበት የሚወስኑት እሳቸው ናቸው፤ አንዴ የተነገረ ምስጢር አይመለስም፣ በእናንተ መካከል ያለውንም እምነት ሊሰብር ይችላል። ደኅና በሆኑበት በአንድ ጸጥ ያለ ምሽት «አካል ጉዳተኛ ነህ» ሳይሉ «የሌሊቱ ፈረቃ እስኪመጣ ድረስ ደኅና ነበርክ፤ ፈረቃው እንዲቀየር ብቻ ብንጠይቅ ምን ትላለህ?» ብለው ይጀምሩ። ከተስማሙ ሌላም ወረቀት አብራችሁ ጻፉ፦ እንቅልፋቸው ከስንት ሰዓት ሲያንስ ሐኪሙ እንደሚጠራ፣ ማን እንደሚደውል፣ መሥሪያ ቤቱ ምን ብቻ እንደሚነገረው። አማትዎም ባለቤትዎ ከፈቀዱ በዚያ ወረቀት ላይ አንድ ሥራ ይኑራቸው፤ እንቅልፉን ከማንም በፊት የሚያስተውሉት እናት ሊሆኑ ይችላሉ።